ደመወዝ ጎድሎ ሲገባ፦ ከፔይስሊፑ ቁጥር ተነስቶ የእርማት ደብዳቤ አጻጻፍ

ኅዳር 7 ቀን 2018፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። በአንድ የግል ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ናት። ከመስከረም 1 ጀምሮ ደመወዟ ከ10,400 ብር ወደ 12,480 ብር ከፍ እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሳት ቆይቷል። የሁለት ወር ደመወዝ ወጣ፣ ጭማሪው ግን የለም። በጥቅምት ደግሞ 16 ሰዓት ኦቨርታይም ሠርታ ነበር። የተከፈላት ለልፋቷ የሚመጥን አልመሰላትም።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ከማስገባቴ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ።

አየሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። የቤት ኪራይ መወደዱ አለ። የታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። አራት ዓመት በታማኝነት መሥራቷ አለ። ከፔይስሊፑ የተወሰደ አንድ ቁጥር ግን የለም። ርዕሱ ደግሞ «የደመወዝ ማስተካከያ ስለመጠየቅ» ይላል።

ለዓመታት ፔይሮል ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። በቢሮ ቋንቋ «የደመወዝ ማስተካከያ» ማለት የጭማሪ ወይም የስኬል ጥያቄ ነው። አንባቢው ርዕሱን ብቻ አይቶ «በጀት ሲያዝ ይታያል» ብሎ ወደ ፋይል ይመልሰዋል። የእሷ ጉዳይ ግን ጭማሪ መጠየቅ አይደለም። ጭማሪው ተፈቅዷል፣ ተፈርሟል። የቀረው የተሳሳተ ሂሳብ ማረም ነው። ይህንን የሚሠራው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የፔይሮል ሠራተኛው ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ታሪክ ሳይሆን የትኛው ወር፣ የትኛው መስመር፣ በስንት መተካት እንዳለበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ትተን ከካልኩሌተር ጀመርን። የሠራነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። የምናገረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የኦቨርታይሙ ክፍል በቀጥታ አይሠራላቸውም።

አንደኛ፦ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አውጡ

አራት ወረቀት ይበቃል። የሥራ ውሉ፣ የጭማሪው ደብዳቤ፣ የሚከራከሩበት ወር ፔይስሊፕ፣ እና የኦቨርታይም ሰዓቱን የሚያሳይ ነገር። ውሉን የምንፈልገው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። የእሷ ውል በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይላል። ይህ ቁጥር በኋላ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በአራተኛው ነው። ኦቨርታይም በቃል ታዝዞ፣ በቃል ተሠርቶ፣ በቃል ይረሳል። እሷ ብልህ ናት። አለቃዋ የፈረመበትን የኦቨርታይም ፎርም ወደ ቢሮ ከመላኩ በፊት በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። በሥራ ቀናት ምሽት 10 ሰዓት፣ ጥቅምት 9 ቀን እሑድ ደግሞ 6 ሰዓት ይላል። ፎርም የሌላችሁ የመግቢያና የመውጫ ፊርማውን ወይም የአሻራውን ዝርዝር ጠይቁ።

ፔይስሊፕ የማይሰጥ ድርጅትም አለ። በዚህ ጊዜ አዋጁ ይረዳችኋል። አሠሪው ጥቅል ደመወዙን፣ ስሌቱን፣ ተቀናሾቹንና የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳትም ግዴታው ነው። ሌላም ነገር አለ። የጎደለውን ደመወዝ ዝም ብሎ ፈርሞ መቀበል ቀሪውን መተው ማለት አይደለም። «ፈርመሽ ወስደሻል እኮ» የሚል መልስ ቢመጣ አትደንግጡ።

ሁለተኛ፦ ፔይስሊፑን ወደ ኋላ ፍቱት

ትክክለኛውን ሂሳብ ከመሥራታችሁ በፊት እነሱ እንዴት እንዳሰሉት እወቁ። የጥቅምቱ ፔይስሊፕ እንዲህ ይላል።

መደበኛ ደመወዝ፦ 10,400.00
ትርፍ ሰዓት (16 ሰዓት)፦ 866.67
ጥቅል፦ 11,266.67
የሥራ ግብር፦ 2,030.00
ጡረታ 7%፦ 728.00
የተጣራ ተከፋይ፦ 8,508.67

የመጀመሪያው ስህተት በዓይን ይታያል። መደበኛው ደመወዝ አሮጌው ነው። የኦቨርታይሙ ግን ተደብቋል። 866.67ን ለ16 ሰዓት ስናካፍል 54.17 ይመጣል። ፔይስሊፑ ላይ የምሽቱና የእሑዱ ሰዓት አልተለዩም፣ ስለዚህ 16ቱንም በአንድ ዓይነት ማባዣ ነው ያሰሉት። የትኛው ማባዣ ይሆን? በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቀን ኦቨርታይም ማባዣ 1.25 ነበር። 54.17ን ለ1.25 አካፈልን፤ 43.33 መጣ። 43.33 በ240 ሲባዛ ደግሞ 10,400 ገደማ ይሰጣል። ተገኘ ማለት ነው። ደመወዙን ለ240 ሰዓት አካፍለው፣ በአሮጌው ማባዣ አባዝተውታል።

ይህ ክፉ ሐሳብ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የሠራው የኤክሴል ፋይል ነው። ሰው ይቀየራል፣ ፋይሉ ይቀጥላል፣ በውስጡ ያለውን ማባዣ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ወደ ኋላ መፍታቱን የምወደው። በደብዳቤው ላይ «አሳንሳችሁ ከፈላችሁኝ» ከማለት «ስሌቱ በ240 እና በ1.25 የተሠራ ይመስላል» ማለት ይሻላል። ፔይሮል ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ያንን ሕዋስ በቀጥታ ያገኘዋል፤ እናንተም ማንንም አልከሰሳችሁም።

ሦስተኛ፦ የአንድ ሰዓት ዋጋ

አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 52 ሳምንት ይሠራል፤ ያንን ለ12 ወር ስናካፍለው በወር 208 ሰዓት ይሆናል።

48 × 52 ÷ 12 = 208

240 ከየት መጣ? 30 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ ነው። ይህ እሑዶችን ሁሉ እንደ ሥራ ቀን ይቆጥራል። ሰዓቱ ሲበዛ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ይረክሳል። ውላችሁ በሳምንት 40 ሰዓት ከሆነ ደግሞ 173.33 ይሆናል እንጂ 208 አይደለም። መጀመሪያ ውሉን ያየነው ለዚህ ነው።

የእሷ የሰዓት ዋጋ በአዲሱ ደመወዝ፦

12,480 ÷ 208 = 60 ብር

ቀጥሎ ማባዣው ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ኦቨርታይም 1.5 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75። በሳምንት የዕረፍት ቀን 2። በሕዝብ በዓል 2.5። እሷ በሥራ ቀናት የሠራችው ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ በ1.5 ይገባል። እሑዱ የዕረፍት ቀኗ ነው፣ በ2 ይገባል።

10 × 60 × 1.5 = 900
6 × 60 × 2 = 720

ድምሩ 1,620 ብር። የተከፈላት 866.67 ነበር።

አራተኛ፦ ግብርና ጡረታውን ራሳችሁ ቀንሱ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልዩነቱን ያገኝና «ይህን ያህል ብር በእጄ ይግባ» ብሎ ይጽፋል። ፋይናንስ ደግሞ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን በሙሉ ይጠራጠራል። በሕግ የሚቀነሰውን ራሳችሁ ቀንሳችሁ ካሳያችሁ ግን ቁጥራችሁ ከነሱ ቁጥር ጋር ይገጥማል።

የገቢ ግብር ሰንጠረዡ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ተቀይሯል። ለዛሬው ሂሳብ የሚያስፈልጉን የላይኞቹ ሁለት እርከኖች ናቸው። የወር ገቢ ከ10,001 እስከ 14,000 ከሆነ በ30% አባዝታችሁ 1,350 ትቀንሳላችሁ። ከ14,000 በላይ ከሆነ በ35% አባዝታችሁ 2,050 ትቀንሳላችሁ። ከዚያ በታች ላላችሁ፦ እስከ 2,000 ግብር የለም፤ እስከ 4,000 በ15% ሲቀነስ 300፤ እስከ 7,000 በ20% ሲቀነስ 500፤ እስከ 10,000 በ25% ሲቀነስ 850።

የሚቀነሰውን ቁጥር አትርሱ። 35% የሚከፈለው ከ14,000 በላይ ካለው ብር ላይ ብቻ ነው። የምትቀንሱት ቁጥር ለታችኛው ብር ያለአግባብ የተጫነውን ይመልሳል። ግብሩ የሚሰላው ከጥቅሉ ላይ ነው፣ ጡረታው ከመቀነሱ በፊት። ጡረታው ደግሞ ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ነው፣ ኦቨርታይም አይጨመርበትም። ሠራተኛው 7% ይከፍላል፣ አሠሪው 11% ይጨምራል።

የጥቅምት ትክክለኛ ሂሳብ እንግዲህ ይህ ነው።

መደበኛ ደመወዝ፦ 12,480.00
ትርፍ ሰዓት፦ 1,620.00
ጥቅል፦ 14,100.00
የሥራ ግብር፦ 14,100 × 35% − 2,050 = 2,885.00
ጡረታ፦ 12,480 × 7% = 873.60
የተጣራ፦ 10,341.40

የደረሳት 8,508.67 ነበር። በጥቅምት ብቻ 1,832.73 ብር ጎድሏል።

እግረ መንገዳችንን የተቆረጠባት ግብር በአዲሱ ሰንጠረዥ መሠራቱንም አረጋገጥን። 11,266.67 በ30% ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ 2,030 ይመጣል፣ ልክ ነው። በቀድሞው ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ 2,443.33 ይቆረጥባት ነበር። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ያለ ፔይስሊፕ የያዛችሁ ሁሉ ይህቺን ሙከራ ሞክሯት። ደመወዙ ትክክል ሆኖ ግብሩ ብቻ በአሮጌው ሰንጠረዥ የተቆረጠባቸው ሰዎች የሚያውቁት በዚህ ነው።

መስከረም ቀላል ነው፣ ኦቨርታይም አልነበረም። በ10,400 ተሰልቶ፣ ግብር 1,770 እና ጡረታ 728 ተቀንሶ፣ 7,902 ደርሷታል። በ12,480 ሲሰላ ግብሩ 2,394፣ ጡረታው 873.60፣ የተጣራው 9,212.40 ይሆናል። ልዩነቱ 1,310.40 ብር።

የቁጠባና ብድር፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ወይም የዕዳ ተቀናሽ ካለባችሁ በሁለቱም ሂሳብ ላይ እንዳለ አስቀምጡት። መጠኑ የማይቀየር እስከሆነ ድረስ ልዩነቱን አይነካም።

አምስተኛ፦ ሁለቱን ወር ደምሩ፣ ግን አትቀላቅሉ

የሁለቱ ወር የጥቅል ልዩነት 4,913.33 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብር 1,479፣ ጡረታ 291.20 ሲነሳ የተጣራው 3,143.13 ይሆናል። እነዚህን አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍናቸውና ከሥራቸው አሰመርንባቸው። ደብዳቤው የሚቆመው በነሱ ላይ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ግብር በየወሩ ነው የሚሰላው። ፋይናንስ የሁለቱን ወር ልዩነት በሙሉ በኅዳር ደመወዝ ላይ ቢጭነው የኅዳር ጥቅል 17,393.33 ይሆናል። አብዛኛው ልዩነት ወደ 35% እርከን ይገባል። በየወሩ ተለይቶ ከተሠራው ጋር ሲነጻጸር 164.67 ብር ተጨማሪ ግብር ይወጣል። ብዙ ወር የተጠራቀመበት ሰው ላይ ደግሞ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው ልዩነቱ «በየወሩ ተለይቶ» እንዲሰላ መጠየቅ አለበት። ሁለት ቃል ነው፣ አትዝለሉት።

የጡረታውንም ነገር አትርሱ። ደመወዟ በ10,400 ሲመዘገብ አሠሪው የሚያስገባላት 11% በየወሩ በ228.80 ብር ያንሳል። የእሷም ድርሻ በ145.60 ያንሳል። ይህ ዛሬ ኪሷ ላይ አይታይም። ጡረታ የሚታሰበው ግን ከተመዘገበው ደመወዝ ነው። እርማቱ ወደ ጡረታ መዋጮውም እንዲደርስ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ርዕሱ ላይ «ማስተካከያ» የሚለውን ቃል አስወጣነው። «ተጓድሎ የተከፈለ» እና «እንዲታረም» የሚሉትን አስገባን። ኪራዩም፣ የወንድሟ ትምህርት ቤትም ወጣ። ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ሂሳቡ ልክ ከሆነ ኪራይ ባይኖርባትም ገንዘቡ የእሷ ነው። ደብዳቤው ይህን ማሳየት አለበት። የጻፍነው እንዲህ ነበር።

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ________ ድርጅት
የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመስከረምና በጥቅምት 2018 ተጓድሎ የተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲታረም ስለመጠየቅ

በቁጥር ________ በተጻፈልኝ ደብዳቤ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የወር ደመወዜ ብር 12,480.00 እንዲሆን መወሰኑ ተገልጾልኛል። ይሁን እንጂ የመስከረምና የጥቅምት ደመወዜ የተከፈለኝ በብር 10,400.00 ተሰልቶ ነው።

እንዲሁም በጥቅምት ወር በሥራ ቀናት 10 ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 6 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሠርቻለሁ። የተከፈለኝ ብር 866.67 ሲሆን፣ ስሌቱ ደመወዙን ለ240 ሰዓት በማካፈልና ሁሉንም ሰዓት በ1.25 በማባዛት የተሠራ ይመስላል። በውሌ መሠረት በሳምንት 48፣ በወር 208 ሰዓት ስለምሠራ የአንድ ሰዓት ክፍያዬ ብር 60 ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ቀናቱ በ1.5፣ የዕረፍት ቀኑ በ2 ሲባዛ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ብር 1,620.00 ይሆናል።

በዚህ መሠረት የጥቅል ክፍያ ልዩነቱ፦
የመስከረም፦ 12,480.00 − 10,400.00 = 2,080.00
የጥቅምት፦ 14,100.00 − 11,266.67 = 2,833.33
ድምር፦ 4,913.33

ከዚህ ላይ የሥራ ግብር ብር 1,479.00 እና የጡረታ መዋጮ ብር 291.20 ሲቀነስ ለእኔ የሚከፈለው የተጣራ ልዩነት ብር 3,143.13 ነው። ዝርዝር ስሌቱ በአባሪነት ቀርቧል።

ስለዚህ ልዩነቱ በየወሩ ተለይቶ ተሰልቶ ከኅዳር ወር ደመወዜ ጋር እንዲከፈለኝ፣ የእኔና የድርጅቱ የጡረታ መዋጮ በታረመው ደመወዝ ልክ ገቢ እንዲደረግ፣ ከኅዳር ጀምሮም ክፍያዬ በብር 12,480.00 ተሰልቶ እንዲቀጥል በትህትና እጠይቃለሁ። በስሌቱ ላይ የተለየ ሐሳብ ካለ ልዩነቱ በቁጥር ተገልጾ እስከ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ስም፦ ________ ፊርማ፦ ________
የሥራ መደብ፦ የመጋዘን ሠራተኛ

አባሪ፦ የጭማሪ ደብዳቤ ኮፒ፣ የመስከረምና የጥቅምት ፔይስሊፕ ኮፒ፣ የተፈረመ የትርፍ ሰዓት ፎርም ኮፒ፣ ዝርዝር ስሌት 1 ገጽ

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

ስለ ግልባጩ አንድ ነገር ልበል። እሷ ለሥራ አስኪያጁም፣ ለሥራና ክህሎት ቢሮውም፣ ለሁሉም ግልባጭ ማድረግ ፈልጋ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። በመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ግልባጩ ከበዛ ነገሩ ክስ ይመስላል፣ ሁሉም ሰው ሌላው ይመልሰው ብሎ ይቀመጣል። ቁጥሩን የሚያርመው ፋይናንስ ነው፣ እሱ ይበቃል። ድርጅቱ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ አንድ ኮፒ መስጠት ግን ጥሩ ነው።

ኅዳር 20 ያልኩትም በምክንያት ነው። የብዙ ድርጅት ፔይሮል የሚዘጋው ወሩ ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት ገደማ ነው። ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ደብዳቤ ትክክል ቢሆንም ለቀጣዩ ወር ይተላለፋል።

ሰባተኛ፦ አሰጣጡና ቀኑ

ሁለት ኮፒ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ። በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባይ ፊርማ አስደርጉና ቤታችሁ ውሰዱት። አንቀበልም ካሉ በኢሜይል ላኩ፣ ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ከምንም ይሻላል፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ቀን በአእምሯችሁ ያዙ። የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። የእሷ የመስከረም ልዩነት መጋቢት መጨረሻ ላይ ያበቃል፣ የጥቅምቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ። እናንተ ደብዳቤ ስለጻፋችሁ ብቻ ይርጋው አይቋረጥም። አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በግልጽ ካመነ ግን ይቋረጣል። በጽሑፍ መልስ አጥብቀን የጠየቅነው ለዚህም ነው። «ልዩነቱ ትክክል ነው፣ በታኅሣሥ ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ከብዙ የቃል ተስፋ ይበልጣል። «እያየነው ነው» የሚለው መልስ ግን ማመን አይደለም። በዚህ እየተባላችሁ ወራት እንዳይሄዱባችሁ።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አጭር የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ። ከዚያም ዝም ካሉ ያንኑ ጥቅል ወረቀት ይዛችሁ በአካባቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረስ ካለበት ስድስት ወሩ ከመሙላቱ በፊት መድረስ አለበት። በጥቅምት የጎደለ ገንዘብ ላይ እስከ መጋቢት ሽምግልና እየጠበቁ መቀመጥ አይመከርም።

ገንዘቡ ሲገባ ምን ታያላችሁ

እርማቱ ሲመጣ ሞባይል ላይ በደረሰው የባንክ መልእክት ብቻ አትመኑ። አዲሱን ፔይስሊፕ ጠይቁ። ለእሷ ሁለት ቁጥር ጽፌ ሰጠኋት። በኅዳር ኦቨርታይም ካልሠራች፣ ልዩነቱም በየወሩ ተለይቶ ከተሰላ፣ የተጣራው 12,355.53 ብር መሆን አለበት። 12,190.86 ካየች ሁሉንም በአንድ ወር ጭነውታል ማለት ነው፤ የጎደለው ያው 164.67 ብር ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ፋይናንስ ሄዳ በየወሩ እንዲለይላት በአካል መጠየቅ ትችላለች፣ አዲስ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

9,212.40 ብቻ ካየች ግን ደመወዙን ከኅዳር ጀምሮ አስተካክለው ያለፉትን ሁለት ወራት ትተዋቸዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ሰውም አዲሱን ደመወዝ ሲያይ ደስ ብሎት ያለፈውን ይተወዋል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ደብዳቤ በዚያው ሳምንት መግባት አለበት። ርዕሱ ላይ «ያልተከፈለ የመስከረምና የጥቅምት 2018 ልዩነት» ብቻ ይጻፍ፣ ስሌቱም እንዳለ ይያያዝ።

ከዚያ በኋላ ኦቨርታይም የምትሠራበትን የመጀመሪያ ወር ፔይስሊፕ ደግሞ ለብቻው ትመልከት። የኦቨርታይሙን ብር ለሰዓቱ ስታካፍለው ለሥራ ቀን 90 ብር፣ ለእሑድ 120 ብር መምጣት አለበት። 65 ብር ከመጣ መደበኛው ደመወዝ ብቻ ተቀይሯል፣ አሮጌው ማባዣና 240 አሁንም ፋይሉ ውስጥ አሉ።